ማይኩ ሚዜው እጅ ሲገባ

ምሳው ተበልቷል፤ ኬኩ ተቆርሷል። ዲጄው ሙዚቃውን ቀነስ ሲያደርግ ኤምሲው «አሁን ደግሞ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ጥቂት ነገር ይለናል» ይላል። ማይኩ ሚዜው እጅ ሲገባ አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ያቺን ጸጥታ ሚዜው አልደከመባትም፤ እንግዳው ለሙሽሮቹ ሲል የሰጠው ናት። ብትቆይ ግማሽ ደቂቃ ናት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጆሮ የሚስብ ነገር ካልተነገረ ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሚዜው የሚያወራው ለሙሽሮቹና ለቪዲዮ ቀራጩ ብቻ ይሆናል።

የቅርብ ጓደኛ በሰርግ ላይ ተነሥቶ ንግግር አድርጎ ብርጭቆ ማስነሣቱ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ሰርግ የመጣ ልማድ ነው። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ሆቴሎችም፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በሚደገሱ የሀበሻ ሰርጎችም «ቶስት» ተብሎ ፕሮግራም ላይ ይጻፋል። ከተናጋሪው የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሰውን ማሳቅ እና ከልብ የሆነ ቃል መናገር። ለሁለቱም ያለው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው።

ብዙ ሚዜዎች ሁለቱን ለየብቻ ያዘጋጃሉ። መጀመሪያ የሰበሰቧቸውን ቀልዶች ይደረድራሉ፤ ከዚያ «አሁን ግን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ንግግሩ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። አድማጩ እስካሁን ሲስቅበት የነበረው ሰውና አሁን የሚመሰገነው ሰው አንድ አይመስለውም። ምስጋናውም «ጥሩ ጓደኛ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ» ከማለት አያልፍም፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ሰርግ ላይ ለየትኛውም ሙሽራ ሊባል ይችላል። የተሳካ ንግግር ቀልዱንም ቁም ነገሩንም የሚያወጣው ከአንድ ታሪክ ነው። ያሳቀው ነገር ራሱ ዞሮ ያስመሰግናል።

ሁለት ሥራ ለአንድ ሰው

በእኛ ሰርግ ቀልድም ሆነ ቁም ነገር አዲስ አይደለም። አዲሱ ሁለቱን አንድ ሰው መሥራቱ ነው። በቆየው ሥርዓት ሥራው የተከፋፈለ ነበር። ሰርገኛው ወደ ሙሽራዪቱ ቤት ሲደርስ በር ይዘው የሚከለክሉት፣ ሚዜዎቹን በዘፈን የሚያፋጥጡት የሴት ወገን ልጃገረዶች ናቸው። ሚዜው ሽቶ እየረጨ፣ እየተከራከረ፣ እየተለማመጠ ያልፋል። አዝማሪ ካለ ደግሞ በግጥሙ እንግዳውን ጎንተል አድርጎ ሽልማቱን ይቀበላል። ቁም ነገሩ የሽማግሌዎች ድርሻ ነበር። ሙሽሮቹ ጉልበት ይስማሉ፣ አባቶች ይመርቃሉ፣ ሰው ሁሉ «አሜን» ይላል። ልጃገረዶቹ እንዲመርቁ፣ ሽማግሌውም እንዲያስቁ የሚጠብቅ አልነበረም።

ማይክ የያዘው ሚዜ ግን የሁለቱንም ቦታ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይይዛል። ስለዚህ የሁለቱንም ወሰን ማወቅ አለበት። ከጨዋታው ወገን የሚወስደው መጎንተልን ነው፤ ማዋረድን አይደለም። በር ላይ የተከለከለ ሚዜ እየሳቀ የሚገባው ቀልዱ ክብሩን እንደማይነካ ስለሚያውቅ ነው። ከምርቃቱ ወገን የሚወስደው ደግሞ በምኞት መዝጋትን ነው። ነገር ግን ምርቃቱን ራሱን አይወስድም። «ውለዱ፣ ክበዱ» ማለት በአባቶች አፍ ያምራል፤ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ «በዓመቱ ክርስትና እንጠብቃለን» ብሎ ሲቀልድበት ግን ሙሽሮቹ ለማንም ያልነገሩትን ጭንቀት ሊነካ ይችላል።

ሚዜው ከባህሉ የሚያገኘው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን የውጭዎቹ ተናጋሪዎች የላቸውም። በእኛ ልማድ የሙሽራው ሚዜ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ይቆጠራል። ትዳሩ ውስጥ ቅሬታ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ስለዚህ ወደ ሙሽራዪቱ ዞሮ የሚናገረው ቃል ከምስጋና ያለፈ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ እየሰማ የሚገባው ቃል ነው።

ታሪኩ የሚገኝበት ቦታ

ሚዜው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሲቀመጥ «በእሱ ምን ያስቃል?» ብሎ ከጀመረ የሚመጡለት የሰፈር ገጠመኞች ናቸው፤ የሰከሩበት ሌሊት፣ ከፈተና የተባረሩበት ቀን፣ የቀድሞ ፍቅረኛ። እነዚህ የሚያስቁት በቦታው የነበሩትን ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሦስት ዓይነት ነው። ጥቂቱ የሙሽራው ጓደኞች ናቸው። ሌላው የሙሽራው ቤተ ዘመድ ነው፤ ልጁን ያውቀዋል፣ ታሪኩን አያውቅም። የቀረው የሴት ወገን ነው፤ ልጁንም ገና በቅጡ አያውቀውም፣ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮውን ያቆመው ግን እሱ ነው። ንግግሩ በዋናነት የሚደረገው ለዚህ ለሦስተኛው ወገን ነው።

የተሻለው አጀማመር ሁለት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፦ ጓደኞቹ ሁሉ ዘወትር የሚያሾፉበት የትኛውን ጠባዩን ነው? ሁለተኛው፦ ያ ጠባይ እኔን የጠቀመኝ መቼ ነው? ለመጀመሪያው መልስ የሚሆን አይጠፋም። ሁለተኛው ግን ያጣራል። «ደርሰሃል ወይ?» እያለ ሌሊት ሰው የሚቀሰቅስ ጓደኛ የታመሙ ቀን መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ይሆናል። መጠጥ የሚያበዛ ጓደኛ ግን መጠጡ ማንን ጠቀመ? መልስ ከሌለው ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያስቅ ለዚያ ቀን አይሆንም።

ነገሩ በተግባር እንዲታይ አንድ ንግግር ከመነሻው እንሥራ። ሙሽራውን እከሌ፣ ሙሽራዪቱን እከሊት እንበላቸው። ሙሽራውና ሚዜው ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ በኋላ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል። እከሌ ወጪውን ሁሉ በደብተር መዝግቦ የሚይዝ ሰው ነው፤ ጓደኞቹ በዚህ ሲያሾፉበት ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ሲጠየቅ ደግሞ ሚዜው አንድ ነገር ያስታውሳል። ሥራ አጥቶ በተቀመጠባቸው ወራት እከሌ ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፈም። ታሪኩ ተገኘ ማለት ነው።

ንግግሩ

«ጤና ይስጥልኝ። የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን ከእከሌ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል።

«ያኔ እከሌ አንድ ደብተር ነበረው፤ ባለ ሃምሳ ሉክ። እዚያ ላይ የማይጻፍ ነገር የለም። ሻይ ከከፈለልኝ ይጽፋል። ታክሲ ከከፈለልኝ ይጽፋል። አንድ ቀን ባየው ‹ግማሽ ሳሙና› ይላል። ‹ግማሽ ማለት ምንድን ነው?› አልኩት። ‹ግማሹን የታጠብኩበት እኔ ነኝ› አለኝ።

«ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ‹ነገ እሰጥሃለሁ› እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም።

«ከዚያ ከሥራ ወጣሁ። አምስት ወር ያለ ደመወዝ ተቀመጥኩ። የቤት ኪራዩንም፣ አስቤዛውንም እሱ ቻለ። ሥራ ያገኘሁ ቀን ‹ደብተሩን አምጣው፤ ስንት አለብኝ?› አልኩት። ገለጥኩት። እስከ ጥቅምት ግማሽ ሳሙና ሳይቀር ተጽፏል። ከኅዳር እስከ መጋቢት አንድም መስመር የለም። ‹ምነው?› አልኩት።

«‹እስክሪብቶ ጠፍቶብኝ ነው› አለኝ።

«እከሊት፣ ያገባሽው ሰው ይህ ነው። በባህላችን ሚዜ ለሙሽራዪቱ ወንድም ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ያንቺም ወንድም ነኝ። ካስቀየመሽ ደውይልኝ፤ በማንኛውም ሰዓት እመጣለሁ። ታክሲውንም ራሴ እከፍላለሁ።

«የሁለታችሁም ወላጆች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እነዚህን ልጆች አሳድጋችሁ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን።

«አሁን ሁላችንም የያዝነውን እናንሣ። ቤታችሁ እስክሪብቶ የሚጠፋበት ቤት ይሁን። ለጤናችሁ!»

የተሰረዘው

ይህ ጽሑፍ መቶ ሃምሳ ቃል ገደማ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ማይክ ላይ ረጋ ተብሎ ሲነበብ በደቂቃ ከ80 ቃል ብዙ አይዘልም። ስለዚህ ንባቡ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የቀረው የሳቁና የጭብጨባው ድርሻ ነው። ሦስት ደቂቃውን በንባብ የሞላ ሰው ሲስቁለት አራት ይገባል፤ ካልሳቁለት ደግሞ ፈጥኖ ለመጨረስ ይሮጣል። ለሦስት ደቂቃ ንግግር ከ200 ቃል ብዙ መጻፍ አያስፈልግም።

እዚህ ለመድረስ የተሰረዙት ከቀሩት ይልቅ ያስተምራሉ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሚዜው «እከሌ እንኳ ቋጣሪ ነው» ብሎ ነበር የጀመረው። ጓደኞቹ ይስቃሉ። የሙሽራዪቱ እናት ግን ልጃቸውን ለስስታም እንደሰጡ ሊያስቡ ይችላሉ፤ ደብተሩ ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ቦታ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ሙሉ በዚያ ሐሳብ ይቆያሉ። ቃሉ ወጣና ደብተሩ ብቻ ቀረ። ጠባዩን ስም ሳይሰጡ ድርጊቱን ማሳየት በቂ ነው። «ግማሽ ሳሙና» ያለውን ሥራ «ቋጣሪ» የሚለው ቃል አይሠራውም።

«ጥሎሹንም ደብተሩ ላይ ሳይጽፈው አልቀረም» የሚል መስመርም ነበረ። ምናልባት የንግግሩ ትልቁ ሳቅ እሱ ይሆን ነበር። ወጣ፤ ምክንያቱም ጥሎሽ ሁለት ቤተሰብ በሽማግሌ የጨረሰው ጉዳይ ነው፤ በሚዜ ቀልድ የሚከፈት አይደለም። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ የሚያመነታ ሰው አንድ መፈተኛ አለው፦ ሙሽራው ራሱ ይህን ታሪክ አማቱ ፊት ቁጭ ብሎ ያወራዋል? ደብተሩን ያወራል። ጥሎሹን አያነሣም። የሰው ዘር፣ የትውልድ አገር፣ መልክ፣ ያለፈ ፍቅር፣ «ነፃነትህ ዛሬ አበቃ» የሚለው ያረጀ ጨዋታ፣ ሁሉም በዚሁ ወንፊት ላይ ይቀራሉ።

ቀጥሎ «ጥፋቱ የእሱ አይደለም» የሚለው ክፍል ተጨመረ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው መሳቂያ መሆን አለበት፤ ማይኩን የያዘው ቢሆን ይመረጣል። ባለ ደብተሩ ጥንቁቅ ሰው ሆነ፤ ተበዳሪው ሚዜ ደግሞ መሳቂያ። ሚዜው ራሱን ዝቅ ማድረጉ ሌላም ጥቅም አለው። ጥቂት ቆይቶ «አምስት ወር ያለ ደመወዝ ተቀመጥኩ» ሲል ሰው ያምነዋል። ራሱን ሲያሞካሽ የቆየ ሰው ያን ቢናገር ልመና ይመስልበታል።

ከሁሉ በላይ የተለፋበት ቦታ መታጠፊያው ነው። በረቂቁ ላይ ከደብተሩ ታሪክ በኋላ «ያን ቀን እከሌ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገባኝ፤ ደግ ነው፣ ለጓደኛው ይሞታል» የሚል ነበረ። ሁሉም ተሰረዘ። «እስክሪብቶ ጠፍቶብኝ ነው» የሚለው መልስ ደግነቱንም፣ ደግነቱን መደበቁንም አንድ ላይ ይናገራል። ሰው ይስቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ይተናነቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ማብራሪያ አድማጩ በራሱ የደረሰበትን ነገር መልሶ ይነጥቀዋል።

ወደ ሙሽራዪቱ የዞረውም ክፍል አጭር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሚዜዎች እሷን የሚያስታውሱት በመጨረሻ ነው፤ «እሷም ቆንጆ ናት፣ ታድለሃል» ብለው ያልፋሉ። በደንብ የሚያውቋት ከሆነ ስለ እሷ አንድ እውነተኛ ነገር ማንሣት ያምራል። የማያውቋት ከሆነ ግን የማያውቁትን ከማሞካሸት ቃል መግባት ይሻላል። «ታክሲውንም ራሴ እከፍላለሁ» የሚለው ቃሉን ቀለል ያደርገዋል፤ ከደብተሩም ጋር ያያይዘዋል። ተበዳሪው እንደሚለወጥ ለሙሽራዪቱ የሰጠው የመጀመሪያ ማስረጃ ነው።

ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት ደግሞ አጠራር ላይ ነው። ጓደኛን «አንተ»፣ ሙሽራዪቱን «አንቺ» ማለት ለዚያ ቀን ትክክል ነው፤ ዝምድናው ይፈቅዳል። ወላጆች ጋ ሲደረስ ግን ዞር ብሎ፣ ፊታቸውን አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ መናገር ይገባል። ሚዜው እናቱን በልጅነቱ «እማማ» ይል ከነበረ ያን ቀንም «እማማ» ይበላቸው። አዳራሽ ነው ብሎ «ወይዘሮ» ማለት ቤተኛውን እንግዳ ያደርገዋል።

ማይኩን ከያዙ በኋላ

ጥሩ ጽሑፍ በመጥፎ ድምፅ ይሞታል። የሰርግ ዲጄዎች ማይኩ ላይ ለዘፈን የሚስማማ ማስተጋቢያ ይተዋሉ፤ በእሱ ላይ ንግግር ሲደረግ ቃል ከቃል ይደራረባል፣ «ግማሽ ሳሙና» የሚለውም ከኋላ ጠረጴዛ አይሰማም። ሚዜው ፕሮግራሙ ሳይጀመር ወደ ዲጄው ሄዶ «ስናገር ኢኮውን አጥፋልኝ» ማለት አለበት። ማይኩን ከአፉ አንድ ጭብጥ ያህል አርቆ ይይዛል፤ ወደ ሙሽሮቹ ሲዞርም ማይኩ አብሮ ይዞራል። ብዙዎች ራሳቸው ዞረው ማይኩን ባለበት ስለሚተዉት «እከሊት» ካሉ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ከስልክ ላይ ማንበብ አይመከርም። መብራቱ በመሐል ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ጣት ሲንሸራተት መስመሩ ይጠፋል። በቪዲዮውም ላይ ሰውየው መልእክት የሚያነብ ይመስላል። ትልቅ ፊደል የተጻፈበት አንድ ቁራጭ ካርቶን ይበቃል። እሱም ላይ ሙሉው ንግግር ሳይሆን ማስታወሻ ቃላት ይጻፋሉ፤ ደብተር፣ ሳሙና፣ ነገ፣ አምስት ወር፣ እስክሪብቶ፣ ታክሲ፣ ወላጆች። በቃል መጥናት ያለባቸው ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ የእስክሪብቶው እና የመጨረሻው ምኞት። እነሱ አንድ ቃል ቢዛነፍባቸው ይበላሻሉ። ሌላው ለሰው እንደሚያወሩት ቢወራ ይሻላል።

ሳቅ ሲመጣ ማቆም ያስፈልጋል። ሳቁ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ነው የሚቀጠለው። ፈጥኖ የቀጠለ ሰው የራሱን ሳቅ ይቆርጣል፤ ሰውም ሌላ ቀልድ እንዳያመልጠው መሳቁን ይተዋል። ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ የጠበቀ ደግሞ አዳራሹን ያቀዘቅዛል። ከእስክሪብቶው በኋላ ግን ሳቅ መጣም አልመጣም ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ማለት ይገባል። ማንም ሳይስቅ ቢቀር ሚዜው አይደንግጥ፤ እዚያ ቦታ ላይ ዝምታ ማለት ሰው ገብቶታል ማለት ነው። የሚያሳስበው ሳሙናው ላይ ካልሳቁ ነው። ያኔ ወይ አልተሰማም፣ ወይ ተፈጥኗል። ቀልዱን አይድገመው፤ ቀስ ብሎ ወደ ቀጣዩ ይለፍ። ታሪኩ እውነት ስለሆነ ያለ ሳቅም ይቆማል። የተሰበሰበ ቀልድ ካልሳቁለት ምንም የለውም።

ልምምዱ በጆሮ እንጂ በዓይን አይሆንም። ለሁለት ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል፤ አንዱ ሙሽራውን የሚያውቅ፣ ሌላው ፈጽሞ የማያውቀውና በዕድሜ ጠና ያለ። የመጀመሪያው ውሸት ወይም ማጋነን ካለ ይነግራል። ሁለተኛው መሐል ላይ «ማነው እሱ?» ብሎ ከጠየቀ እዚያ ቦታ ላይ የውስጥ ጨዋታ ገብቷል ማለት ነው፤ ይውጣ።

ስለ ብርጭቆውም አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። ሻምፓኝ የሚከፈትበት ሰርግ አለ፤ መጠጥ የማይቀርብበት የጴንጤ ሰርግና የሙስሊም ሰርግ አለ። «የያዝነውን እናንሣ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ነው የተመረጠው፤ ጠጅ የያዘውንም፣ ለስላሳ የያዘውንም፣ ውሃ የያዘውንም አይለይም። ብርጭቆ ማንሣት ጨርሶ በማይለመድበት ቤት ደግሞ «አሜን በሉ» ወይም «እልል በሉ» ብሎ መዝጋት ያንኑ ሥራ ይሠራል። የተናጋሪው የራሱ ብርጭቆ ግን ከንግግሩ በፊት ባይነካ ይሻላል። አንድ ሁለት ብሎ የተነሣ ሚዜ የተሰረዙትን መስመሮች መልሶ ይናገራቸዋል።

አዳራሹ ሁለት ቋንቋ ሲሆን

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ በሚደረግ ሰርግ ላይ የእንግዳው ከፊል አማርኛ አይሰማም፤ አንዳንዴ ከሙሽሮቹ አንዱም አይሰማም። የተለመደው መፍትሔ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ቋንቋ ማለት ነው። ያኔ ሦስት ደቂቃው ስድስት ይሆናል፤ ቀልዱም ሁለቴ ይነገራል። መጀመሪያ የሳቁት ሌሎቹ ሲስቁ ይጠብቃሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሌላው ሰው የሳቀው በምን እንደሆነ ሲጠባበቁ ቆይተው ቀልዱ ቀዝቅዞ ይደርሳቸዋል።

የሚሻለው ክፍሎቹን መከፋፈል ነው። ታሪኩ ብዙ ሰው በሚሰማው ቋንቋ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል። ለወላጆች የሚነገረው በአማርኛ ይሆናል፤ አይተረጎምም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ለእናትና ለአባት ሲናገር የማይሰማውም ሰው ምን እየሆነ እንደሆነ ያያል። የመጨረሻው ምኞት ብቻ በሁለቱም ቋንቋ ይባላል፤ አንድ መስመር ስለሆነ ጊዜ አይወስድም። ታሪኩ በሌላ ቋንቋ የሚነገር ከሆነ ግን ከአገር ውጭ የማይታወቀውን አስቀድሞ ማየት ይገባል። ደብተር፣ ሳሙናና እስክሪብቶ የትም አሉ። ታሪኩ በዕቁብ ወይም በዱቤ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ሳቁ ሳይመጣ ማብራሪያ ይቀድም ነበር፤ ማብራሪያ የቀደመው ቀልድ ደግሞ ከመነገሩ በፊት ያልቃል።

«በአንድ ደቂቃ ጨርስ» ከተባለ

የእኛ ሰርግ በሰዓቱ አይሄድም። በተለይ ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ቀናትና ከፋሲካ ማግስት፣ አዳራሽ ተሻምተው ሰርግ በሚደገስበት ወቅት፣ ሙሽሮቹ ፎቶ ላይ ይቆያሉ፣ ምሳው ይገፋል። በመጨረሻ የሚቆረጠው ንግግሩ ነው። ኤምሲው ጆሮው ሥር መጥቶ «ወንድሜ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» ሲለው ሚዜው ሦስት ደቂቃውን በፍጥነት ለማንበብ ይሞክራል፤ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይህ ነው።

አጭሩ ንግግር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሲያሳጥሩ ቀልዱን አስቀርቶ ቁም ነገሩን መተው፣ ወይም ቀልዱን ጥሎ «እወድሃለሁ» ብሎ መቀመጥ ቀላል ይመስላል። ከአንድ ታሪክ የተሠራ ንግግር ግን ሲያጥር እንኳ ሁለቱን ይይዛል። በእኛው ምሳሌ የሚወጡት የሻይና የታክሲው ዝርዝር፣ «ነገ እሰጥሃለሁ» የሚለው፣ የሚዜው ቃል ኪዳንና ለወላጆች የተባለው ናቸው። የሚቀረው ይህ ነው፦

«የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ነኝ፤ ከእሱ ጋር ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። እከሌ ያወጣውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፤ ግማሽ ሳሙና ሳይቀር። ሥራ አጥቼ አምስት ወር ሲያኖረኝ ግን አንድም መስመር አልጻፈም። ‹ለምን?› ብለው ‹እስክሪብቶ ጠፍቶብኝ ነው› አለኝ። እከሊት፣ ቤታችሁ እስክሪብቶ የሚጠፋበት ቤት ይሁን። ለጤናችሁ!»

ይህ በእርጋታ ተነቦ፣ ሳቁም ተጠብቆለት አንድ ደቂቃ አይሞላም። የተዘጋጀው ንግግር እንዲህ አጥሮ መቆም ካቃተው ችግሩ የሰዓት ማጠር አይደለም። ታሪኩ ገና አልተገኘም፤ ሚዜው ከሰርጉ በፊት ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች ይመለስ።